ፊደሉን በቃሉ ይወርደዋል፣ ማንበብ ግን አይችልም፦ የአንድ ልጅ ኬዝ ስተዲ እንዴት ልጻፍ?

መምህርት_2ለ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ማንበብ የተቸገረ የአንድ ልጅ ኬዝ ስተዲ ጽፋችሁ አምጡ ተብለናል። ሥራውን ጨርሻለሁ፤ ስምንት ሳምንት ፈጀብኝ። የቸገረኝ መጻፉ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አማካሪዬ መለሰልኝ። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ልጁ የታለ?» ብሎ ጽፎበታል። ሌላ ምንም አላለም።

ልጁን ብሩክ ልበለው፤ ስሙ አይደለም። 9 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። ቤቱ የሚነገረው አማርኛ ነው። ተረት ሲነገር አፉን ከፍቶ ይሰማል፣ እሱም ሲያወራ ጨዋታ አዋቂ ነው። የፊደል ገበታውን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል፣ አንድ አይስትም። መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። አንድ ቀን «እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ» የሚለውን «እጁን ኩሱ ውስጥ ከተተ» ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለማንበብ ሲጠራ ተነስቶ ይቆማል፣ አይናገርም።

ረቂቁ ላይ ያስቀመጥኩት መረጃ ይኼ ነው። ከድጋፉ በፊት በደቂቃ በትክክል ያነበበው 6 ቃል፣ ፊደል 28፣ የግንዛቤ ጥያቄ ከ5 ዜሮ። ድጋፉ በሳምንት 4 ቀን 20 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት። ከድጋፉ በኋላ 41 ቃል፣ ፊደል 52። «ዘዴው ውጤታማ መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ ደመደምኩ። ምኑ ነው የጎደለው?

---

ድግሪ_ፈላጊ

እኅት፣ ያለቀ ኬዝ ስተዲ ካለሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እኔም ይኼው ነው የታዘዝኩት። ሽፋኑን ራሴ እቀይራለሁ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ልጄ፣ አማካሪሽ ደህና ሰው ነው። ጥያቄውም ልክ ነው። ስለ ኪሱና ኩሱ የነገርሽን ልጅ ከቁጥሮቹ ውስጥ የለም። 28 የሚለው ቁጥር የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። ብሩክ ያለው ስህተቶቹ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ፊደሉን ያስነበብሽው በገበታው ቅደም ተከተል ነው ወይስ አዘበራርቀሽ? በደቂቃ ውስጥ ስንት ሞከረ፣ ስንቱን ሳተ? የሳታቸውን ፊደሎች ምን ብሎ ነው የጠራቸው? የመልስ ወረቀቱን ጥለሽው ከሆነ ኬዝ ስተዲሽን አብረሽ ጥለሻል። ካልጣልሽው ግን ገና ብዙ አለሽ።

---

አቤል_ልዩ_ፍላጎት

ይኼ ግልጽ ነው፣ ዲስሌክሲያ ነው። ኪን ኩ ማለት ፊደል ማገላበጥ ነው። ርዕሱን «ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪ» ብትይው ጥሩ ማርክ ታገኛለሽ። ሌላው፣ ከሁሉ በፊት ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ብዙ ልጅ «ሰነፍ» የሚባለው ሰሌዳው ስለማይታየው ነው።

---

መምህርት_2ለ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱ አለ፤ ድምፁም በስልኬ ተቀድቷል፣ እናቱን አስፈቅጄ ነው። የተጠቀምኩት አንድ መቶ ፊደል የተዘበራረቀበት ወረቀት ነው። በደቂቃ 41 ሞከረ፣ 28ቱን አገኘ፣ 13ቱን ሳተ። ምን ብሎ እንደጠራቸው ጽፌያለሁ፣ ግን ቆጥሬው አላውቅም። ማታ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

አቤል፣ ዓይኑን ጤና ጣቢያ አሳይተነዋል፣ ደህና ነው። ጆሮውን ከኋላው ቆሜ በሹክሹክታ ቃል እያስደገምኩ ሞከርኩት፣ ሁሉንም ደገመ። ምርመራ ነው አልልም፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

አቶ አቤል፣ ዓይንና ጆሮ ያሉት መሠረታዊ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዲስሌክሲያ ግን መምህር የሚሰጠው ስም አይደለም። ደግሞም ኪን ኩ ማለት ማገላበጥ አይመስለኝም። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፋቸውና እያቸው። ጭረቱ በሁለቱም በስተቀኝ ነው። ካዕቡ ላይ ወገቡ ጋ ነው፣ ሣልሱ ላይ እግሩ ሥር። ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ፣ ሱ እና ሲ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ልጁ ማየት ያለበት ትንሿን ጭረት ነው፣ ማንም ደግሞ «ይህቺን እይ» አላለውም። በዜማ ሲወርድ ማየት አያስፈልገውም፤ ሀ ሲል ሁ ራሱ ይመጣል።

---

ገጠር_1ኛ_ክፍል

ሰላም። የእኔ ክፍል 71 ልጅ ነው። ግማሹ እንደ ብሩክ ነው ብዬ ብምል አያስኮንነኝም። ጣቱን ከገበታው ላይ አንስተህ መሀል ላይ «ይኼ ማነው?» ስትለው ከሀ ጀምሮ እየዘመረ እስኪደርስበት ትጠብቃለህ። ሁሉንም ዲስሌክሲያ ልንለው ነው? አንድ ልጅ ለብቻ 20 ደቂቃ ማስተማርስ ለማን የሚቻል ነው?

---

መምህርት_2ለ

ወረቀቱን ቆጠርኩት። ደነገጥኩ።

ከ13ቱ ስህተት በ9ኙ ቤቱን አግኝቷል፣ ድምፁን ነው የሳተው። ቡን ቢ፣ ሲን ሱ፣ ኪን ኩ። ከ9ኙ ስድስቱ ካዕብና ሣልስ መቀያየር ናቸው። ሦስቱ ኃምስን ራብዕ ማለት ነው፤ ቤን ባ ዓይነት። ከቀሩት አራት ስህተቶች ሦስቱ የሚመሳሰሉ ቤቶች ናቸው፣ ነን ኘ፣ ደን ጀ እንደማለት። አንዱ ላይ ዝም ነው ያለው።

ሳስተምረው ይህን በደመ ነፍስ አውቄው ነበር። ስለዚህ ነው ካርዶቹን በካዕብና ሣልስ የጀመርኩት። ረቂቁ ላይ ግን «ፊደል የመለየት ችግር» ብዬ በአንድ ቃል አልፌዋለሁ።

ገጠር፣ እውነትህን ነው። እኔም ክፍሉን እንዳውቀው ከመዝገቡ በዕጣ 6 ልጆች አውጥቼ አስነብቤ ነበር። ዝቅተኛው በደቂቃ 14 ቃል፣ ከፍተኛው 47 ቃል አነበበ። መሀል ያሉት ሁለቱ 28 እና 30 ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ካዕብና ሣልስ ያምታታቸዋል፣ ግን እንደ ብሩክ አይደሉም።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

አሁን ልጁ ብቅ አለ። «ቤቱን ያውቃል፣ ድምፁን ይስታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ28ቱ ይበልጣል። ምን እንደምታስተምሪ የነገረሽም እሱ ነው። የስድስቱን ልጆች ውጤትም አስገቢው። 6 ቃል ለ2ኛ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ሁለተኛ ነገር፦ ስታነቢለት ይገባዋል ወይ? ያን ለክተሻል?

---

መምህርት_2ለ

አዎ። ሌላ ምንባብ እኔ አንብቤለት 5 ጥያቄ ጠየቅኩት፣ 4 መለሰ። ራሱ ሲያነብ ግን ከ5 ዜሮ።

---

የናኒ_እናት_ቨርጂኒያ

እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የእኔዋ ደግሞ ተቃራኒ ናት። 8 ዓመቷ ነው። በእንግሊዝኛ ጎበዝ አንባቢ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች። «ቡላ» የሚለውን ጥርት አድርጋ አነበበችልኝና «ማሚ፣ ቡላ ማነው?» አለችኝ። በዚህ በካርድ ዘዴ ልጀምራት?

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

የናኒ እናት፣ ልጅሽ ጭረቷን አይታለች። የጠፋት ቡላው ነው። ካርዱን ተይውና ቡላ ሥሪላት። ብሩክ ሲነበብለት ከ5 አራት ይመልሳል፤ ቋንቋው አለው፣ በሩ ነው የተዘጋበት። ናኒ በሩ ተከፍቶላታል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ነው ያነሰው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ያ «ስታነቢለት ይገባታል ወይ» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ታሪክ አንብቢላትና ጠይቂያት።

መምህርት፣ «ከ5 ዜሮ» ያልሽው ላይ ልመለስ። በደቂቃ 6 ቃል ያነበበ ልጅ አምስቱንም ጥያቄ እንዴት ተጠየቀ? መልሳቸው እኮ ከምንባቡ ታች ነው ያለው።

---

መምህርት_2ለ

ውይ። የተጠየቀው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ እሱ ያልደረሰበት ክፍል ላይ ናቸው። መመሪያው እንደሚለው ያልደረሰባቸውን ዜሮ ብዬ ሞላሁ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ለብዙ ሺህ ልጅ ጥናት ሲሆን እንደዚያ መሙላት ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲለካ አማርኛም ነበረበት፤ አንቺ የምትጠቀሚበት ወረቀት መልኩ ከዚያ የመጣ ነው። ስለ አንድ ልጅ ስትጽፊ ግን «ከ5 ዜሮ» ያሳስታል። አንባቢ «ልጁ አይገባውም» ብሎ ይሄዳል። «ከምንባቡ እስከ አንድ ጥያቄ ብቻ ደርሷል፣ እሱንም አልመለሰም» በይ። ሁለቱ የተለያዩ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከ6 ወደ 41። በየሳምንቱ ለክተሽዋል? ካለ አምጪው።

---

መምህርት_2ለ

በየዓርቡ ለክቻለሁ፣ በየጊዜው ሌላ ምንባብ። መነሻው የሦስት ቀን ነው፦ 5፣ 7፣ 6። ከዚያ አንደኛ ሳምንት 6፣ ሁለተኛ 7፣ ሦስተኛ 7፣ አራተኛ 10። አምስተኛው ሳምንት ታሞ አልመጣም። ስድስተኛ 16፣ ሰባተኛ 15፣ ስምንተኛ 18። ሰኞ የመጨረሻውን ፈተና ሰጠሁት፣ 41።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ዓርብ 18፣ ሰኞ 41? ቅዳሜና እሁድ ምን በላ? የሰኞው ምንባብ ከየት ነው የመጣው?

---

መምህርት_2ለ

ከተማሪው መጽሐፍ። አማካሪዬ ከሥርዓተ ትምህርቱ ይሁን ስላለ። ክፍል ውስጥ የተማርነው ምንባብ ነው።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ነገ መጽሐፉን ስጪው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ገጹን በመዳፍሽ ሸፍኚው። ምንም አትበይ። የሆነውን ንገሪን።

---

ገጠር_1ኛ_ክፍል

😂 አውቄዋለሁ መጨረሻውን።

---

መምህርት_2ለ

ሸፈንኩት። አላቆመም። እጄን እያየ እስከ መጨረሻው ወረደው። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹን ሁሉ እኔ ክፍል ውስጥ ሳነብ በምወስድበት ቦታ ነው የወሰደው።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። 41 ቃል ብዬ ለእናቱ ነግሬያት ነበር። ዳይሬክተሩም ስብሰባ ላይ አንስቶታል።

---

አቤል_ልዩ_ፍላጎት

ትንሽ እያካበዳችሁ ነው። በቃሉ መያዙም ችሎታ ነው። 41ን ተይው፣ ማን ያየዋል? ኬዝ ስተዲ ላይ ለውጥ ካልታየ አማካሪዎች ደስ አይላቸውም።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

አቶ አቤል፣ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት 3ኛ ክፍል ይገባል። አስተማሪው «41 ቃል» የሚል ወረቀት ይዞ ይቀበለዋል። ማን ያየዋል ያልከው ሰው እሱ ነው።

ልጄ፣ አታልቅሺ። 41ን አታጥፊው። ከውጤቱ አውጥተሽ «በመለኪያው ላይ ያጋጠመ ስህተት» በሚል ጻፊው፣ የመዳፉን ነገር ጨምረሽ። ያ ገጽ የጽሑፍሽ ጥሩ ገጽ ይሆናል። ልጁ እስካሁን በምን ዘዴ ክፍል ውስጥ ሲያመልጥ እንደኖረ የሚያሳየው እሱ ነው። ውጤትሽ 18 ነው። ለመሆኑ በመጨረሻው ዓርብ ስንት ጥያቄ ድረስ ደረሰ?

---

መምህርት_2ለ

ሁለት። ሁለቱንም መለሰ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

አየሽ? «ከ5 ሁለት» ብትይው ደካማ ይመስላል። የደረሰባቸውን ሁለቱንም መልሷል።

ሌላ ጥያቄ። ቃል ላይ ሲቆምብሽ ስንት ትጠብቂው ነበር?

---

መምህርት_2ለ

በመጀመሪያው ቀን እስኪለው ድረስ ጠበቅኩት፣ አሳዘነኝ። 5 ያመጣው ያን ቀን ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 3 ሰከንድ ቆጥሬ «ቀጥል» እላለሁ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

5ቱን ያወረደው መጠበቅሽ ሊሆን ይችላል። አትሰርዢው፣ ሥሩ አንድ መስመር ጻፊለት። በነገራችን ላይ መነሻውን ሦስት ጊዜ መለካትሽ ጠቅሞሻል። በአንድ ቀን ለክተሽ ቢሆን ኖሮ 5 ይሁን 7 አናውቅም ነበር። አሁን ግን ከመነሻው እስከ ሦስተኛው ሳምንት መስመሩ ጠፍጣፋ መሆኑ ይታያል።

ድጋፉን ደግሞ በደንብ ንገሪን። «በካርድ አስተማርኩ» ማለት ምን ማለት ነው?

---

መምህርት_2ለ

እሺ፣ ዘርዘር ላድርገው።

ካርዶቹን ከካርቶን ቆረጥኳቸው። የጀመርኩት በስድስት ቤት ብቻ ነው፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ፣ ነ፣ ተ። ጭረታቸው ደንብ ስለሚጠብቅ ነው። ረን እና ፈን ሆን ብዬ አስቀረኋቸው፣ ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊ ከደንቡ ስለሚወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካዕብና ሣልስ ብቻ። አንድ ካርድ አሳየዋለሁ፣ ከመናገሩ በፊት ጣቱን ጭረቱ ላይ ያሳርፋል። «ወገብ» ወይም «እግር» ይላል፣ ከዚያ ያነበዋል። ዜማ ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ተናደደብኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቃል ገባን። «ቡላ» እና «ቢላ» አንድ ላይ። ሥዕሉን ይመርጣል፣ የሚበላው ነው ወይስ የሚቆርጠው? ኪስ እና ኩስንም አመጣሁለት። እኔ ፈርቼ ነበር፣ እሱ ግን ሳቀ። «የዶሮዋ እግር ላይ አይደለም፣ ወገቧ ላይ ነው» አለኝ፤ ጭረቱን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያን ቃል ስቶት አያውቅም።

ከአራተኛው ሳምንት ኃምስ ገባ፣ ቀለበቷን እየፈለገ። በመጨረሻም ሳድስ። እዚህ ላይ ተቸገርን። «ቤት»ን «ቤ» ብሎ «ት»ን እንደ ገበታው ለብቻው ረገጥ አድርጎ ነበር የሚላት። ሁለት ፊደል ያነባል እንጂ ቃል አያነብም። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ መጎተት አስለመድኩት፣ እጁን በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተ።

ከታቀደው 32 ክፍለ ጊዜ የተካሄደው 23 ነው። አራቱ በሕመሙ፣ ሦስቱ በስብሰባ፣ ሁለቱ እኔ ስለደከመኝ።

---

ገጠር_1ኛ_ክፍል

«እኔ ስለደከመኝ» የሚለውን ጽፈሽ ካስገባሽ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሁሉም ሰው «በዕቅዱ መሠረት» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አራተኛ ሳምንት 10፣ ስድስተኛ 16። መሀሉ ላይ ታሞ ተኝቷል። ሳይማር ነው የዘለለው?

---

መምህርት_2ለ

እኔም አልገባኝም። ታሞ ቤት ሳለ ታላቅ እኅቱ ካርዶቹን ይዛ ታጫውተው እንደነበር እናቱ ነግራኛለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። የስድስተኛው ሳምንት ምንባብ ደግሞ ስለ ላም ነበር፤ አሁን ሳየው «ላሟ» የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ። አንዴ ካወቀው አራት ቃል ያገኛል።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ሁለቱንም ጻፊ፣ አንዱንም አትምረጪ። ሰባተኛውና ስምንተኛው 15 እና 18 መሆናቸው ላሟ ብቻ እንዳልሆነች ይጠቁማል። የእኅቱን ግን ከአንቺ ሥራ መለየት አይቻልም።

አሁን አንድ የመጨረሻ ነገር ልሞክር። ስድስት ቤት አስተማርሽ። ሌሎቹን አልነካሽም። ሁለቱም የፊደል ወረቀቶች አሉሽ። የድምፅ ስህተቶቹን ባስተማርሽውና ባላስተማርሽው ቤት ለይተሽ ቁጠሪ።

---

መምህርት_2ለ

መጀመሪያ ላይ ከ9ኙ የድምፅ ስህተት 5ቱ በኋላ ባስተማርኳቸው ቤቶች ላይ ናቸው፣ 4ቱ ባልነካኋቸው ላይ።

መጨረሻ ላይ 60 ሞክሮ 52 አገኘ፣ 8 ሳተ። ከ8ቱ የድምፅ ስህተት 3 ብቻ ናቸው። ባስተማርኳቸው ቤቶች ላይ አንድም የለም። ሦስቱም ካልነካኋቸው ናቸው፤ ሁለቱ ረ እና ፈ ላይ፣ አንዱ ደ ላይ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ከ5 ወደ 0፣ ከ4 ወደ 3። ያስተማርሽው ተንቀሳቀሰ፣ ያላስተማርሽው ብዙም አልተነቃነቀም። እኅቱም የያዘችው እነዚያኑ ካርዶች ስለሆነ እሷን አይለይልሽም፤ «ዕድሜው ስለጨመረ ነው» የሚለውን ግን ያዳክመዋል። ዕድሜ ቤት አይመርጥም።

ይኸው ቁጥር ሌላም ነገር ይነግርሻል፣ ያን ያህል ደስ የማይል። «ወገብ፣ እግር» የሚለውን ደንብ ልጁ ራሱ ወደ ሌሎቹ ቤቶች አላሻገረውም። የሚቀጥለው ሥራ ደ፣ ጠ፣ ገ ላይ ነው። ረ እና ፈ ደግሞ ለብቻቸው፣ ያለ ደንብ።

---

ገጠር_1ኛ_ክፍል

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አራትና ሦስት እኮ ትንሽ ቁጥር ነው። ደግሞ ሁለተኛው ወረቀት ላይ 60 ነው የሞከረው። ያልተማራቸው ቤቶች ስንት ጊዜ መጡበት? በሁለተኛው ወረቀት እጥፍ መጥተውበት ሦስት ብቻ ከሳተ እዚያም ተሻሽሏል ማለት ነው።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

አሸነፍከኝ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ መቆጠር ያለበት እሱ ነበር። መምህርት፣ ከየቤቱ ስንት እንደገጠመው ቁጠሪና ጎን ለጎን አስቀምጪው። «አላሻገረውም» ያልኩትን እስከዚያ በእርሳስ ጻፊው።

---

መምህርት_2ለ

እቆጥራለሁ። የውጤቱን አንቀጽ እንደገና እንዲህ ጻፍኩት፣ እዩልኝ።

«ብሩክ ፊደልን በዜማ ይወርዳል፣ ከቅደም ተከተሉ ውጭ ሲመጣበት ግን ቤቱን አውቆ ድምፁን ይስታል። ከ13 ስህተቱ 9ኙ እንዲህ ነበሩ። ሲነበብለት ከ5 ጥያቄ 4 ይመልሳል። በመነሻው በሦስት ቀን ልኬት በደቂቃ ከ5 እስከ 7 ቃል አንብቧል፤ ከ23 ክፍለ ጊዜ በኋላ 18 ቃል አንብቧል፣ የደረሰባቸውን ሁለት ጥያቄዎችም መልሷል። በዕጣ ከወጡት ስድስት የክፍሉ ልጆች ሁለቱ መሀለኞች 28 እና 30 ቃል ስለሚያነቡ አሁንም ከእነሱ ወደኋላ ነው። ለውጡ የመጣው በካርድ ዘዴው ምክንያት ነው።»

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጪና «ለውጡ የታየው ከዚህ ድጋፍ በኋላ ነው፤ በዚሁ ጊዜ እኅቱም ቤት ውስጥ በካርዶቹ ታለማምደው ነበር» በይ። ሌላው ይቆይ።

ረቂቁ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ቀበሌውንና የአባቱን ሥራ ጽፈሽ ከሆነ ደግሞ አውጫቸው። ስሙን ብሩክ ብትይውም ትንሽ ከተማ ውስጥ በአባቱ ሙያ ይታወቃል።

---

መምህርት_2ለ

ጽፌ ነበር። አጠፋዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሁለተኛው መነሻ ምንባብ ላይ «ገና» የሚል ቃል ነበር፣ በዓሉ ነው። እሱ ሲያነበው ሳያጠብቅ፣ «ገና አልመጣም» እንደሚለው አደረገው። ፊደሎቹን ሁሉ በትክክል አንብቧል። ልክ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ስህተት ነው?

---

አቤል_ልዩ_ፍላጎት

ስህተት ነው። ትርጉሙ ተቀይሯል።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

ማጥበቅና ማላላትን ፊደላችን አያሳይም። ያልተጻፈውን አላነበበም ብዬ ልጁን አልቀጣውም። ልክ ብዬ ቆጥሬ ጎኑ ላይ ምልክት አደርግ ነበር።

---

ገጠር_1ኛ_ክፍል

እኔ ከአቤል ጋር ነኝ በዚህኛው። ትልቅ ሰው ስለ በዓል እያነበበ «ገና»ን አይስተውም። ያጠበቀው ገብቶት ነው፣ ያላጠበቀው ሳይገባው። ማንበብ የሚባለው እሱ አይደል?

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር

እሱማ ነው። ግን እሷ በዚያች ደቂቃ የምትለካው የትኛውን ነው? ብቻ አንዱን ምረጪና በሁሉም ምንባብ ላይ እኩል ተጠቀሚበት፣ የመረጥሽውንም ጻፊ።

---

የናኒ_እናት_ቨርጂኒያ

ታሪክ አነበብኩላት። ከአምስት ጥያቄ አንድ መለሰች። ስለ ቡላው ልክ ነበሩ። እዚህ ሱቅ ውስጥ በፓኬት አለ።

---

ድግሪ_ፈላጊ

እኅት፣ ፋይሉን እስካሁን አልላክሽልኝም። 41 ያለበት ቢሆንም ችግር የለም።